ከደረሰኙ ግርጌ ያለው ገንዘብ የማን ነው?

ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ወንበር የገዛ ሰው በደረሰኙ ግርጌ ሦስት ቁጥሮችን ያገኛል። መጀመሪያ የዕቃው ዋጋ፣ ቀጥሎ 15 በመቶ ቫት፣ በመጨረሻም ድምሩ ይሰፍራል። ገዢው ከኪሱ የሚያወጣው ድምሩን ስለሆነ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሻጩ ግን መካከል ላይ ያለውን ቁጥር ለይቶ ማየት አለበት። ያ ገንዘብ እጁ ገባ እንጂ የእሱ አልሆነም። ብዙ ነጋዴ በወሩ መጨረሻ ቫት ሲከፍል ከትርፉ የተወሰደበት የሚመስለው ይህንን ቁጥር በመዝገቡ ላይ ከሽያጩ ጋር ስለሚደባልቀው ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክስ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ወጥቶ በ1995 ዓ.ም. በሽያጭ ታክስ ምትክ ሥራ ላይ ውሏል። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ሲሆን መደበኛው ምጣኔ ያው 15 በመቶ ነው። የተመዘገበ ነጋዴ ሲሸጥ ቫት ከገዢው ይሰበስባል፤ ይህንን የሂሳብ ባለሙያዎች አውትፑት ቫት ይሉታል። ለንግዱ የሚያስፈልገውን ሲገዛ ደግሞ እሱ ራሱ ለሌላ ነጋዴ ቫት ይከፍላል፤ ይህኛው ኢንፑት ቫት ወይም የግብዓት ታክስ ነው። ለመንግሥት የሚያስረክበው ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሶ የቀረውን ነው። ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። መዝገብ ላይ ሲወርድ ግን የሚበላሽባቸው ቦታዎች ስላሉ የአንድ ወርክሾፕ የጥቅምት ወር ሂሳብ ይዘን እንሂድበት። ወርክሾፑ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው።

ወርክሾፑ ጠረጴዛና ወንበር ይሠራል፣ ለቫትም ተመዝግቧል። በጥቅምት ከተመዘገበ ነጋዴ የ400,000 ብር እንጨትና ቦርድ ገዛ። ቫቱ 60,000 ስለሆነ የከፈለው 460,000 ብር ነው። ቤት አከራዩም የተመዘገበ በመሆኑ ለ30,000 ብር ኪራይ 4,500 ብር ቫት ጨምሮ ከፈለ። ስፖንጅ የገዛው ካልተመዘገበ ትንሽ ነጋዴ ነው፤ 20,000 ብር ያለ ቫት። ለሠራተኞች ደመወዝ 110,000 ብር አወጣ፤ ደመወዝ ቫት የለበትም። የገዛውን እንጨት በሙሉ በዚያው ወር ሠርቶ ሸጠው እንበል። የወሩ ሽያጭ ቫትን ጨምሮ 690,000 ብር ነው።

ከ690,000 ውስጥ ቫቱ ስንት ነው? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ በ15 በመቶ ያባዛና 103,500 ብር ይላል። ይህ ስህተት ነው። 15 በመቶው የተሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው እንጂ በድምሩ ላይ አይደለም። ቫት ያለበትን ዋጋ ለ115 አካፍሎ በ15 ማባዛት ያስፈልጋል። እንዲህ ሲሆን ቫቱ 90,000፣ የተጣራው ሽያጭ 600,000 ብር ይሆናል። በተሳሳተው መንገድ ያሰላ ነጋዴ 13,500 ብር ያለዕዳው ሊከፍል ነው።

አሁን መዝገቡን እንክፈት። ከወሩ ሽያጭ 575,000 ብር የሚሆነው በእጅ በእጅ የተከናወነ ነው። ጥሬ ገንዘብ 575,000 ዴቢት ይደረጋል። በክሬዲት በኩል ግን አንድ ቁጥር አይጻፍም፤ ሽያጭ 500,000፣ ተከፋይ ቫት 75,000 ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ተከፋይ ቫት የዕዳ ሂሳብ ነው፣ ከገቢ ጋር አይገናኝም። ነጋዴው የያዘው የአደራ ገንዘብ ነው። በግዢ በኩልም እንደዚሁ ነው። የእንጨቱ ዋጋ 400,000 ተብሎ በዕቃ ሂሳብ ዴቢት ይደረጋል፣ ቫቱ 60,000 ለብቻው በተሰብሳቢ ቫት ሂሳብ ዴቢት ይደረጋል፣ ከባንክ የወጣው 460,000 ክሬዲት ይሆናል። እዚህ ላይ 60,000 ብሩ ወጪ አልተባለም፤ ገና የሚታሰብለት የነጋዴው መብት ነውና።

ወሩ ሲዘጋ በተከፋይ ቫት 90,000፣ በተሰብሳቢ ቫት 64,500 ብር ይገኛል። ሁለቱ ይቻቻላሉ፤ ልዩነቱ 25,500 ብር የወሩ የተጣራ ዕዳ ነው። የጥቅምት ሂሳብ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይታወቃል፣ ይከፈላልም። ይህን ቁጥር በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። ወርክሾፑ 600,000 ሸጠ፤ ከተመዘገቡ ሰዎች 430,000 ብር ገዛ። በመካከል የጨመረው እሴት 170,000 ብር ነው። የዚህ 15 በመቶ ስናሰላ ያው 25,500 ይመጣል። ደመወዙና ስፖንጁ ቫት ስላልተከፈለባቸው በዚህ 170,000 ውስጥ ቀርተዋል።

ትርፉስ? ከ600,000 ላይ እንጨቱ፣ ኪራዩ፣ ስፖንጁና ደመወዙ ሲቀነሱ 40,000 ብር ይቀራል። ቫት ትርፉን አልነካውም፤ በመዝገቡ አልፎ ሄደ እንጂ። አሁን ቫትን ሳይለይ የሚመዘግበውን ነጋዴ እንይ። ሽያጭ 690,000 ብሎ ጻፈ፤ ወጪዎቹንም ከነቫታቸው 624,500 ብሎ ደመረ። ትርፍ 65,500 ብር ያሳየዋል። ከትክክለኛው የበለጠው ልክ 25,500 ብር ነው፤ ሳንቲም ሳይጎድል የመንግሥት ዕዳ የሆነው ገንዘብ። በዚህ ትርፍ ተማምኖ ማሽን ያዘዘ ወይም ለቤቱ ያወጣ ሰው የመክፈያው ቀን ሲደርስ ተበደልኩ ቢል አይፈረድበትም፤ የበደለው ግን መዝገቡ ነው። ድብልቁን ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም። በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ያለውን ሽያጭ በወሩ የቫት ማሳወቂያ ላይ ከታክስ በፊት ከተጻፈው ሽያጭና ከካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርቶች ድምር ጋር ማስተያየት ነው። የመግለጫው ሽያጭ በ15 በመቶ በልጦ ከተገኘ ቫት ገቢ ውስጥ ገብቷል።

ከሁሉ የሚያመው ግን የደረሰኝ ጉዳይ ነው። የግብዓት ታክስ የሚቀነሰው ነጋዴው ስለከፈለ ብቻ አይደለም። መክፈሉን የሚያሳይ ሕጋዊ የታክስ ደረሰኝ በእጁ ሲኖር ነው። ከእንጨቱ ግዢ ውስጥ የ92,000 ብሩ ደረሰኝ ችግር አለበት እንበል፤ 80,000 ዋጋ፣ 12,000 ቫት። ሠራተኛ ተልኮ ገዛ፤ ሻጩ ደረሰኙን በወርክሾፑ ስምና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ሳይሆን በሠራተኛው ስም ቆረጠው። 12,000 ብሩ በእርግጥ ተከፍሏል፤ በኦዲት ጊዜ ግን አይያዝለትም። የወሩ ዕዳ ከ25,500 ወደ 37,500 ከፍ ይላል። ያልተቀነሰው 12,000 ብር የእንጨቱ ዋጋ አካል ሆኖ ወጪ ውስጥ ስለሚገባም 40,000 የነበረው ትርፍ 28,000 ይሆናል። ቫት የነጋዴውን ትርፍ የሚበላው እንዲህ ሲሆን ነው። ስለዚህ ደረሰኝ ሲቀበሉ ማየት የሚገባው የገንዘቡ ልክ ብቻ አይደለም። የገዢው ስምና መለያ ቁጥር ትክክል መሆኑን፣ የሻጩ መለያ ቁጥር መኖሩን፣ ቀኑንና ቫቱ ለብቻው መጻፉን እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ከወር በኋላ ተመልሶ ደረሰኝ ለማስተካከል መሞከር ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ጥፋት አለ። አንዳንድ ሂሳብ ያዥ ካልተመዘገበ ሰው የተገዛውንም የ20,000 ብር ስፖንጅ ለ115 አካፍሎ ቫት ያወጣለታል። በደረሰኙ ላይ ያልተጻፈ ቫት ግን አልተከፈለም፤ ያልተከፈለ ነገር አይቀነስም። ለባለቤቱ ቤት የተገዛ ፍሪጅም እንዲሁ ነው፤ ደረሰኙ በድርጅቱ ስም ቢቆረጥም ዕቃው ለንግዱ ካልዋለ ቫቱ አይቀነስም።

የዱቤ ሽያጭ ሌላ ራስ ምታት ያመጣል። ከጥቅምቱ ሽያጭ የቀረው 115,000 ብር አንድ መሥሪያ ቤት ለጠረጴዛ ያዘዘው ነው። ዕቃው ተረከበ፣ ደረሰኝ ተቆረጠ፤ ገንዘቡ ግን ታኅሣሥ ላይ ይከፈላል። 15,000 ብሩ ቫት የጥቅምት ነው፤ ገዢው ገና ባይከፍልም እስከ ኅዳር መጨረሻ ከሚከፈለው 25,500 ውስጥ ይገባል። ወርክሾፑ ያልተቀበለውን ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። በዱቤ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ሲነጋገር ቢያንስ የቫቱን ያህል ቅድሚያ ክፍያ መጠየቁ ተገቢ ይመስለኛል፤ ትልቅ ትእዛዝ ተቀብለው በዚሁ ምክንያት የሚጨነቁ ትንንሽ አምራቾች ጥቂት አይደሉም።

አንዳንድ ወር ደግሞ ሂሳቡ ይገለበጣል። ለገና ትእዛዝ ሲዘጋጅ ወርክሾፑ በኅዳር የ500,000 ብር እንጨት ገዛ፤ ቫቱ 75,000 ነው። ከኪራዩ 4,500 ጋር የግብዓት ታክሱ 79,500 ሆነ። የሸጠው ግን 300,000 ብቻ ስለሆነ የሰበሰበው ቫት 45,000 ብር ነው። በዚህ ወር የሚከፍለው የለም፤ 34,500 ብር በልጦለታል። ይህ ትርፍ ገንዘብ በመዝገቡ ላይ ተሰብሳቢ ሆኖ ይቆያል፤ ወጪ ተብሎ አይሰረዝም፣ ገቢም አይባልም። በታኅሣሥ 900,000 ብር ሸጦ 135,000 ቫት ሲሰበስብ፣ የወሩ የግብዓት ታክስ 19,500 እና ከኅዳር የመጣው 34,500 ተቀንሰው 81,000 ብር ይከፍላል። የሚከፈል ነገር በሌለበት ወርም ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው። ያላሳወቀ ይቀጣል።

ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ዘንድ ይህ መገልበጥ የየወሩ ነገር ነው። ኤክስፖርት በዜሮ ምጣኔ ቫት ስለሚስተናገድ ቡና ላኪው ከገዢው የሚሰበስበው የለውም፤ ለጆንያው፣ ለማጓጓዣውና ለመሳሰለው የከፈለው ግን ተመላሽ ይጠየቅበታል። ከቫት ነፃ የሆነ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዕድል ሌላ ነው። እሱም ቫት አይሰበስብም፤ የከፈለው የግብዓት ታክስ ግን አይመለስለትም፣ በወጪው ላይ ተደምሮ ይቀራል።

ትንሽ ንግድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የሚመጣው ወር ማሳወቂያ ከመሞላቱ በፊት ሂሳብ ያዣችሁን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የተከፋይና የተሰብሳቢ ቫት ሂሳቦችን ለየብቻ ያሳያችሁ፣ ከተሰብሳቢው ድምር ጀርባ ያሉትን ደረሰኞችም አንድ በአንድ ያውጣላችሁ። ደረሰኝ ያልተገኘለት ቁጥር ካለ ከማሳወቂያው ላይ አሁኑኑ አስወጡት፤ በኦዲት ጊዜ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ከመክፈል ይሻላል።