ተጠራቃሚ ድምርና በመካከል የገባ ረድፍ

ተጠራቃሚ ድምር በአንድ ዓምድ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ ከመጀመሪያው አንሥቶ እስከ ራሱ ድረስ ያለውን መጠን ደምሮ የሚያሳይበት ስሌት ነው። በኤክሴልና በመሰል የኮምፒውተር ሰንጠረዦች የሚሠራባቸው ሁለት የተለመዱ መንገዶች ሲኖሩ፣ ሰንጠረዡ እስካልተነካ ድረስ ሁለቱም አንድ ዓይነት ውጤት ስለሚሰጡ ልዩነታቸው ቶሎ አይታይም።

የአንድ ሱቅ የዕለት ሽያጭ በዓምድ B ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ 450፣ 300፣ 725 እና 500 ብር ተብሎ ቢመዘገብ፣ ተጠራቃሚ ድምሩ በዓምድ C 450፣ 750፣ 1,475 እና 1,975 ይሆናል። በመጀመሪያው መንገድ C2 የመጀመሪያውን ሽያጭ ብቻ ይይዝና፣ ከሥሩ ያለው እያንዳንዱ ሕዋስ፣ ማለትም ረድፍና ዓምድ የሚገናኙበት ሳጥን፣ ከበላዩ ያለውን ድምር በራሱ ረድፍ ሽያጭ ላይ ይጨምራል፤ በC3 የሚጻፈው ቀመርም የሚከተለው ነው።

```
=C2+B3
```

ቀመሩ ወደ ታች ሲቀዳ በውስጡ ያሉት አድራሻዎች አብረው ይወርዳሉ። ችግሩ የሚመጣው ተረስቶ የነበረ የ200 ብር ሽያጭ በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ መካከል አዲስ ረድፍ ተከፍቶለት ሲገባ ነው። በC4 የነበረው ቀመር ወደ C5 ቢወርድም የቀደመውን ድምር የሚወስደው አሁንም ከC3 ስለሆነ፣ ቀመሩ በአዲሱ ረድፍ ላይ ቢቀዳ እንኳ ከ950 ሥር 1,475 ይነበባል፤ የመጨረሻውም ቁጥር 2,175 መሆን ሲገባው በ1,975 ይቀራል። ረድፍ ሲሰረዝ #REF! የሚል ምልክት ብቅ ስለሚል ጥፋቱ ራሱን ያጋልጣል፤ እዚህ ግን ምንም ምልክት ስለማይታይ ስሕተቱ የባሰ ነው። መፍትሔው ቀመሩን ከC3 አንሥቶ እስከ ዓምዱ መጨረሻ እንደገና መቅዳት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በC2 ተጽፎ ወደ ታች የሚቀዳው ይህ ቀመር ነው።

```
=SUM($B$1:B2)
```

የዶላር ምልክት ያለበት አድራሻ ቀመሩ ሲቀዳ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ፣ የሚደመረው ክልል መነሻው ተተክሎ መድረሻው ብቻ እየወረደ ይሰፋል። መነሻው የርእሱ ረድፍ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፤ SUM ፊደል ያለበትን ሕዋስ በዝምታ ስለሚያልፈው ድምሩ አይለወጥም፣ ከርእሱ ሥር የሚገባ አዲስ ረድፍም ከክልሉ ውጭ አይቀርም። በዚህ መንገድ የገባው 200 ብር ከሥሩ ባሉት ድምሮች ሁሉ ውስጥ ወዲያውኑ ይቆጠራል፤ አዲሱ ረድፍ ራሱ ቀመር ከሌለው ግን ባዶ ሆኖ ይታያል።

ይህ ጥንካሬ ዋጋ አለው። እያንዳንዱ ረድፍ ከላይ ጀምሮ ስለሚደምር፣ 10,000 ረድፎች ባሉት ሰንጠረዥ ከ50 ሚሊዮን በላይ የሕዋስ ንባብ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው መንገድ ግን 20,000 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ለረጅም መዝገብ የመጀመሪያው መንገድ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ግን የመጨረሻውን ተጠራቃሚ ድምር ከጠቅላላው ሽያጭ ጋር የሚያነጻጽር መቆጣጠሪያ ከሰንጠረዡ ጎን ሊኖር ይገባል።

```
=C6-SUM(B2:B6)
```

ውጤቱ ዜሮ ካልሆነ ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ተበጥሷል፤ ከላይ በተጠቀሰው መዝገብ -200 ይነበባል፣ ይህም የተዘለለው ሽያጭ ልክ ስለሆነ በዓምድ B ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።