የእንጀራዬ ዓይን ለምን ጠፋ? አዲስ ድረ ገጽ ከትልልቆቹ ጋር ሳይጋፋ አንባቢ የሚያገኝበት መንገድ

በሜሪላንድ የምትኖር፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ለዓመታት እንጀራ የጋገረች አንዲት ሴት ድረ ገጽ ከፈተች እንበል። ልታስተምር ያሰበችው በውጭ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆችንና ከሌላ አገር ሰው ጋር የተጋቡ ቤተሰቦችን ስለሆነ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያ ጽሑፏን «የእንጀራ አሠራር» በሚል ርዕስ ታወጣለች። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ከብዙዎቹ የተሻለም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወራት ቢያልፉም ከቤተሰቧና ከጓደኞቿ በስተቀር የሚያነበው አይኖርም።

የተሸነፈችው በጽሑፉ ጥራት አይደለም። ጎግል ያንን ሁለት ቃል ለሚጽፍ ሰው መልስ ሲደረድር፣ ሌሎች ድረ ገጾች ለዓመታት ሊንክ የሰጧቸውን፣ በሺህ የሚቆጠሩ የምግብ ጽሑፎች ያሏቸውን ትልልቅ አሳታሚዎች ያስቀድማል። ትናንት የተከፈተውን ግን ማንም ገና አልመሰከረለትም። ስድስተኛው የውጤት ገጽ ላይ ይወድቃል፤ እዚያ ድረስ የሚወርድ አንባቢ ደግሞ የለም።

ሰው ፍለጋ ሳጥን ውስጥ የሚጽፈው ግን እንዲህ አጠር ያለውን ብቻ አይደለም። ጎግል ደጋግሞ እንደገለጸው በየቀኑ ከሚቀርቡለት ፍለጋዎች 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት አይቷቸው የማያውቅ አዳዲስ ናቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. ክሪስ አንደርሰን ዋየርድ በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበያ የጻፈው ሐሳብ እዚህም ይሠራል፦ እጅግ የሚፈለጉ ጥቂት ነገሮች ከፊት ጎልተው ይቆማሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ እያንዳንዳቸው ጥቂት ፈላጊ ያላቸው እልፍ ነገሮች እንደ ረጅም ጅራት ይሰለፋሉ። የድረ ገጽ ሰዎች «ሎንግ ቴይል ኪወርድ» የሚሉት ከዚህ ጅራት ላይ ያለውን ጥያቄ ነው። ልዩነቱን በእንጀራው እንየው፦

```
injera recipe
injera no eyes
injera no eyes electric griddle self rising flour
```

የመጀመሪያውን የሚጽፈው ማንም ሊሆን ይችላል፤ ምሳ ፍለጋ ላይ ያለ፣ ስለ ኢትዮጵያ ምግብ የሚያጠና ተማሪ፣ እንዲሁ የሚቃኝ። ሁለተኛውን የጻፈው ጋግሮ ዓይን የለሽ እንጀራ የወጣለት ሰው ነው። ሦስተኛውን የጻፈው ደግሞ በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ጤፉን ቤኪንግ ፓውደር ካለበት የፈረንጅ ዱቄት ጋር ደባልቆ የጋገረ፣ ሊጡ ገና ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ነው። ለዚህ ሰው ትልቁ አሳታሚ በጽሑፉ መካከል ከጣላት አንድ ዓረፍተ ነገር በቀር የሚለው ነገር የለውም። ሴትየዋ ግን ሙሉ መልስ አላት።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ለመሰብሰብ ብዙዎች መጀመሪያ ወደሚከፈልባቸው መሣሪያዎች ይሮጣሉ። እኔ እንደማምነው መጀመሪያ መቅደም ያለበት ጆሮ ነው። እህቷ በስልክ ምን ጠየቀቻት? በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ፎቶ እየላኩ «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው?» የሚሉት ስለ ምንድን ነው? በዩቲዩብ የእንጀራ ቪዲዮዎች ሥር ሰዎች መልስ ሳያገኙ የተዉት ጥያቄ የትኛው ነው? እነዚህን በተነገሩበት ቃል መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ሰው ሲፈልግም የሚጽፈው ሲናገር የሚለውን ነውና።

ከዚያ ዝርዝሩን ይዞ ወደ ጎግል ሳጥን መሄድ ነው። የራስ የፍለጋ ታሪክ ውጤቱን እንዳያዛባው በግል መስኮት መክፈት ይሻላል። «injera» ብሎ ክፍት ቦታ ከተዉ በኋላ አንድ አንድ ፊደል እየጨመሩ የሚመጡትን ጥቆማዎች ማየት፤ ቀጥሎ ከፊቱ «why» ወይም «can» አስቀድሞ እንደገና መሞከር። ጥቆማዎቹ ሰዎች በእርግጥ ከሚፈልጓቸው ነገሮች የሚመነጩ ናቸው። በውጤቱ መካከል የሚመጣው «ሰዎች ይህንንም ይጠይቃሉ» የሚለው ሳጥንም እንደዚሁ ነው፤ አንዱን ጥያቄ ሲከፍቱት ሌሎች ይጨመሩበታል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው በቁጥር የሚሰናከለው። የጎግል ኪወርድ ፕላነር ብዙ ማስታወቂያ ለማይገዛ ሰው ትክክለኛውን ቁጥር ሳይሆን «ከ10 እስከ 100» የሚል ሰፊ ግምት ነው የሚያሳየው፤ ተቀራራቢ አባባሎችንም አንድ ላይ ይደምራል። ሌሎች መሣሪያዎች ደግሞ ረጅሙን ጥያቄ ሲያዩ «ዜሮ» ይላሉ። ይህ ዜሮ መሣሪያው በቂ መረጃ እንደሌለው እንጂ ጠያቂ እንደሌለ አያሳይም። እህቷ ከጠየቀችና ሳጥኑ ካጠቆመው ጠያቂ አለ። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የመጀመሪያውን የውጤት ገጽ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይበልጣል፤ የዚህ ሥራ ዋናው ክፍልም ይኸው ነው ብዬ አስባለሁ።

ሴትየዋ ሁለተኛውን ጥያቄ ጻፈች እንበል። አሥሩን ውጤቶች አንድ በአንድ ትከፍታለች። አብዛኞቹ አጠቃላይ የአሠራር ጽሑፎች ከሆኑና ስለ ዓይን የሚሉት አንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ በመካከላቸው ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ጠይቆ ሌሎች በግምት የመለሱለት የውይይት ገጽ ካለ፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቦታ ላይ የአንድ ግለሰብ ትንሽ ድረ ገጽ ከተቀመጠ፣ በሩ ክፍት ነው። ጎግል የተሻለ መልስ አጥቶ ነው እነዚህን የደረደረው። በአንጻሩ በርዕሱ ያንኑ ጥያቄ የያዘ፣ ምክንያቶቹን በፎቶ የሚዘረዝር የታወቀ አሳታሚ ገጽ ካለ ጥያቄው ቢረዝምም ተይዟል ማለት ነው። የቃላት መርዘም ብቻውን ፉክክሩን አያቀልም።

ሌሎች ሁለት ወጥመዶችም ከዚሁ ገጽ ላይ ይታያሉ። አንዱ መልሱ እዚያው ከላይ በአንድ መስመር የሚያልቅበት ጥያቄ ነው፤ እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል እንደሚለው። ጠያቂው አንብቦ ይሄዳል፣ ማንንም አይጫንም። ሌላው ውጤቱ ሁሉ የሱቅ ገጽ የሆነበት ነው። ለእንጀራ የሚሆን የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚፈልግ ሰው ሊገዛ ነው የመጣው፤ ጎግልም የሚሸጡለትን ያቀርባል። የአጋገር ትምህርት እዚያ መካከል ቦታ አያገኝም።

ግን ያንኑ ጥያቄ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገፉት ይለወጣል። ከኖርዌይ የመጡ አሜሪካውያን ሌፍሰ የተባለውን ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበት 16 ኢንች ስፋት ያለው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ በአሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን እንጀራ የሚጋግሩት በዚሁ ነው። «lefse griddle for injera» ብሎ የሚጽፍ ሰው መግዛት ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ሙቀቱ ይበቃል ወይ? ክዳን የለውም፤ በምን ልክደነው? ስንት ደቂቃ አስቀድሜ ላሙቀው? እነዚህን ሱቁ አይመልስም። የሌፍሰ ጋጋሪውም አይመልስም፤ እርሱ እንጀራ ጋግሮ አያውቅም። መልሱ ያለው ሁለቱን በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ለትንሽ ድረ ገጽ የሚሆነው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ሁለት ዓለም በሚገናኝበት ቦታ ነው።

ጥያቄው ከተመረጠ በኋላ ገጹ መልሱን ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሮ መስጠት አለበት። ዓይን የሚወጣው የቦካው ሊጥ ያዘለው አየር ከሥር ሙቀት ሲያገኝ ሽቅብ ፈንድቶ ሲወጣ ነው። ሊጡ ከወፈረ አየሩ ጥሶ አይወጣም፤ በደንብ ካልቦካ አየሩ ራሱ የለም፤ ምጣዱ ካልጋለ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይረጋል፤ ዓይኑ ሳይወጣ ከከደኑትም ይደፈናል። ጋጋሪዋ የአራቱን ፎቶ ጎን ለጎን ካስቀመጠች አንባቢው የራሱን እንጀራ አይቶ ጥፋቱን ይለያል።

አንድ ጥያቄ በአሥር አባባል ሲመጣ አሥር ገጽ መጻፍ ግን ስህተት ነው። ጎግል በተለይ በ2019 እ.ኤ.አ. ቤርት የተባለውን ስልት ከጀመረ ወዲህ ቃላቱ ቢለያዩም አሳቡ አንድ መሆኑን በደንብ ይረዳል። ፍለጋን ለማታለል በብዛት የሚመረቱ ገጾችንም በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ከልክሏል። ለመለየት ሁለቱን አባባሎች ለየብቻ ፈልጎ ውጤቱን ማስተያየት ነው። አብዛኛው ገጽ ከተመሳሰለ አንድ ጽሑፍ ይበቃል፤ ካልተመሳሰለ ሁለት ጥያቄ ናቸው።

ትርፉ ምን ያህል ነው? አንዱን ጥያቄ በወር 20 ሰው ይጠይቀዋል፣ ከሦስቱ አንዱ የእርሷን ገጽ ይከፍታል እንበል። ስድስት ሰባት አንባቢ ነው። ሃምሳ እንዲህ ያሉ ገጾች ሲኖሯት ከ300 በላይ ይሆናሉ፤ ሁሉም ሊጥ አቡክተው የመጡ ናቸው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ትንሽ ይለያል። መሣሪያዎቹ ስለ አማርኛ የሚያውቁት ጥቂት ስለሆነ የሚቀሩት ጆሮ፣ የፍለጋ ሳጥኑና የራስ መረጃ ናቸው። አንዱ «ፀጉር» ሲጽፍ ሌላው «ጸጉር» ይጽፋል፤ አንዱ «ዓይን»፣ ሌላው «አይን»፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። ሁሉንም ፈልጎ ውጤታቸውን ማስተያየት ያስፈልጋል። ከተለያየ ሰው የሚበዛበትን አጻጻፍ በርዕሱ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ ለምሳሌ በፎቶ መግለጫ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

የራስ መረጃ ያልኩት የጎግልን ሰርች ኮንሶል ነው፤ ነጻ ነው፣ እስከ 16 ወር የቆየ መረጃም ይይዛል። ገጹ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ በየትኛው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደታየና ስንተኛ ቦታ ላይ እንደነበረ ያሳያል። በጥያቄ መልክ የመጡትን ብቻ ለማየት በማጣሪያው ውስጥ ሬጀክስ የሚለውን መርጦ እንዲህ መጻፍ ይበቃል፦

```
^(why|how|can) |ለምን|እንዴት|ስንት
```

ዝርዝሩ ሙሉ አለመሆኑን ግን ማወቅ ያሻል። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ከጥቂት ደርዘን በማይበልጡ ሰዎች የተጻፉ ጥያቄዎችን ጎግል ለግላዊነት ሲል ይደብቃቸዋል፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ድምር ከታች ከተዘረዘሩት ይበልጣል። የረጅሙ ጅራት ጥያቄዎች በጣም የሚደበቁት እነዚህ ናቸው።

ከሚታዩት መካከል ገጹ ከ8ኛ እስከ 20ኛ ቦታ ላይ የቆመባቸውን መመልከት ነው። ሴትየዋ ስለ ዓይን በጻፈችው ገጽ ላይ «ሥሩ ይጣበቃል» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ቢመጣባትና ገጹ ስለዚያ ምንም ባይል፣ ጎግል የሚቀጥለውን ጽሑፍ ርዕስ ነግሯታል። ጥያቄው ገጹ ከያዘው ጋር የሚገናኝ ከሆነ አንድ አንቀጽ ትጨምራለች፤ ራሱን የቻለ ከሆነ አዲስ ገጽ ትጽፍና ሁለቱን በሊንክ ታገናኛለች። ግማሽ ዓመት ቆይቶም ከ50ኛ ቦታ ያልተነሳ ገጽ ካለ ቃል ማብዛት አይፈታውም፤ ያንን ጥያቄ እንደገና ፈልጎ አሥሩን ውጤቶች ማንበብ፣ ሰዎቹ የሚሹት ሌላ ነገር ሆኖ ከተገኘም ገጹን ለዚያ አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው።