በረሮን የሚገድለው ዱቄት ትኋንን ለምን ይተዋል?

ማታ የወጥ ቤቱ መብራት ሲበራ ከምድጃ ሥር የሚበታተኑት ትንንሽ ቡናማ በረሮዎች አብዛኛውን ጊዜ የጀርመን በረሮ የሚባሉት ናቸው። ለእነዚህ ቦሪክ አሲድ በእርግጥ ይሠራል፤ አሜሪካም ለተባይ ማጥፊያነት የመዘገበችው በ1948 እ.ኤ.አ. ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። በረሮው ዱቄቱ ላይ ሲያልፍ እግሩና አንቴናው ላይ ይጣበቅበታል፤ ከዚያ እንደ ድመት ራሱን ሲያጸዳ ይውጠዋል። መርዙ የሚሠራው ሆድ ውስጥ ገብቶ ስለሆነ ለመሞት ቀናት ይፈጅበታል። ብዙ ሰው ግን በማግስቱ በረሮ ሲያይ «አልሠራም» ብሎ ይጨምርበታል፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። በረሮ የዱቄት ክምር ሲያገኝ ዞሮ ያልፈዋል። የሚፈለገው በዓይን እምብዛም የማይታይ ስስ ብናኝ ነው፤ እሱም ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ በቧንቧው ዙሪያ ባለ ስንጥቅና በቁም ሣጥኑ ሥር፣ እጅ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ።

ትኋን ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ትኋን ደም እንጂ ሌላ አይቀምስም፤ እንደ በረሮም ዱቄቱን ከእግሩ ላይ አይልስም። የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቦሪክ አሲዱን ከደም ጋር ሲያጠጡት ትኋኑ ሞተ፤ ዱቄቱ ላይ ሲያስኬዱት ግን አልሞተም። ፍራሽ ላይ የተበተነ ቦሪክ አሲድ እንግዲህ የሚያገኘው የተኛውን ሰው ብቻ ነው።

ያ ደግሞ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቀደም ሲል ዱቄቱን ዳይፐር ያቆሰለው የሕፃናት ቆዳ ላይ ይነሰንሱት ነበር፤ በቆሰለ ቆዳ በኩል ወደ ደም ስለሚገባ የሞቱ ሕፃናት አሉ። በ1953 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከዓለም ዙሪያ 109 የመመረዝ ታሪኮችን ሰብስቧል። መልኩ ከስኳርና ከዱቄት አይለይምና ስም ሳይጻፍበት በፌስታል ቋጥሮ ጓዳ ማስቀመጥ አደገኛ ነው።

የዳያቶም አፈር ከጥንት ጥቃቅን የውኃ ዋቅላሚ ቅሪት የሚገኝ ዱቄት ነው። የነፍሳትን ሰም መሰል ሽፋን ስለሚመጥ ያደርቃቸዋል። መዋጥ ስለማያስፈልግ ለትኋን የተሻለ መሆን ነበረበት፤ ሆኖም የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሰው በሚኖርባቸው አፓርታማዎች ሲሞክሩት ውጤቱ ደካማ ሆነ። እርጥበት ሲነካው ኃይሉን ያጣል። ብናኙ ሳንባ ይቆጣል፤ በተለይ ለመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ በእሳት የተቃጠለው ዓይነት ሳንባን የሚጎዳ ክሪስታል ሲሊካ ስላለው ቤት ውስጥ ጨርሶ ሊበተን አይገባም።

የፔፐርሚንት ዘይት፣ ማለትም የናና ዘይት፣ በላብራቶሪ በረሮን ሲገድልም ሲያባርርም ታይቷል። ዘይቱ ግን ቶሎ ይተናል፤ የሸሸው በረሮም ሌላ ክፍል ይገባል እንጂ አይጠፋም። በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ምርቶች ዝቅተኛ አደጋ ያላቸው ተብለው ከፌዴራል ምዝገባ ነፃ ስለሆኑ፣ መሥራታቸውን ለመንግሥት ሳያረጋግጡ ይሸጣሉ። «ተፈጥሯዊ» ስለተባለም ሕፃን ፊት አጠገብ አይረጭም፤ በውስጡ ያለው ሜንቶል የጨቅላ ሕፃን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ የተከማቸው ዘይት ለድመትም መርዝ ነው።