ነጻ ወራትና የማደሻ ገንዘብ፦ የሱቁ እውነተኛ ኪራይ ስንት ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቡናና ምግብ ቤት ለመክፈት የምታስብ አንዲት ሴት ሁለት ቦታ አይታለች እንበል። ሁለቱም ቤቶች 2,000 ስኩዌር ፊት ናቸው፤ ሁለቱም የ10 ዓመት ውል ይጠይቃሉ፤ የሁለቱም ኪራይ በየዓመቱ 3 በመቶ ይጨምራል። የመጀመሪያው አከራይ በስኩዌር ፊት በዓመት 36 ዶላር ይላል፤ ይህ በወር 6,000 ዶላር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ኪራይ አልቀበልም፣ ለቤቱ ማደሻም በስኩዌር ፊት 30 ዶላር፣ በድምሩ 60,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሏል። ሁለተኛው የሚጠይቀው 32 ዶላር፣ በወር 5,333 ዶላር ነው። እሱ የሚተወው የ1 ወር ኪራይ ብቻ ነው፤ ለማደሻ ምንም አይሰጥም።

ዋጋዎቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ቢሆኑም ምርጫው በአሜሪካ ሱቅ፣ ቢሮ ወይም ሬስቶራንት የሚከራይ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። ብዙ ሰው 32ን ከ36 ጋር አስተያይቶ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ ሌላው ደግሞ የስድስቱን ወር ነጻ ኪራይ ሰምቶ ለመጀመሪያው ይፈርማል። ሁለቱም ያልሠሩት አንድ ሒሳብ አለ። በውሉ ዘመን ሁሉ የሚከፈለው ኪራይ ተደምሮ፣ አከራዩ የተወውና የሰጠው ሁሉ ከዚያ ላይ ተቀንሶ፣ ቀሪው ለዓመታቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው እውነተኛው ኪራይ።

የመጀመሪያው ቤት የ10 ዓመት ኪራይ፣ የየዓመቱ ጭማሪ ታስቦበት፣ ወደ 825,400 ዶላር ይደርሳል። ከዚህ ላይ የስድስት ወሩ 36,000 እና የማደሻው 60,000 ሲነሳ 729,400 ዶላር ይቀራል። የሁለተኛው ድምር 733,700 ዶላር ያህል ነው፤ የአንድ ወሩ ኪራይ ሲቀነስለት 728,400 ይሆናል። በስኩዌር ፊት ሲመነዘር አንዱ 36.47፣ ሌላው 36.42 ዶላር ነው። በወረቀት ላይ የ4 ዶላር ልዩነት የነበራቸው ቤቶች በሳንቲም ብቻ የሚለያዩ ሆነው አረፉ።

እዚህ ላይ የዓመታዊው ጭማሪ ሥራ ልብ ይባል። ኪራዩ ለ10 ዓመት ሳይጨምር የሚቆይ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቤት 31.20፣ ሁለተኛው 31.73 ዶላር ይሆኑና የመጀመሪያው ይረክስ ነበር። ጭማሪው የሚሰላው ግን በተጻፈው ኪራይ ላይ እንጂ በእውነተኛው ላይ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት 8,000 ዶላር የነበረው የሁለቱ ቤቶች ልዩነት በአሥረኛው ዓመት 10,400 ዶላር ገደማ ይሆናል። የተተወው ኪራይና የማደሻው ገንዘብ ግን እዚያው በመጀመሪያው መጠናቸው ይቀራሉ፤ አያድጉም።

ሒሳቡ በዚህ ቢቆም ልክ አይሆንም፤ ገንዘቡ የሚገኝበትን ጊዜ ገና አላየምና። አዲስ ንግድ የሚከፍት ሰው የሚጨነቀው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ በዚያን ጊዜ ያልከፈለው ዶላር በስምንተኛው ዓመት ከሚከፍለው ዶላር ጋር እኩል አይደለም። ይህች ሴት ከባንክ ብትበደር ወለዱ 10 በመቶ ቢሆንና ሁሉንም ገንዘብ በዚያ መጠን ወደ ዛሬ ዋጋ ብንመልሰው፣ የመጀመሪያው አከራይ ከሁለተኛው አስበልጦ የሰጣት ወደ 87,000 ዶላር ነው። በ10 ዓመት ውስጥ በኪራይ አስበልጦ የሚወስድባት በዛሬ ዋጋ 58,000 ያህል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቤት በ29,000 ዶላር ገደማ ይሻላታል። የምትበደርበት ወለድ ሲጨምር ብልጫው ይሰፋል፤ የራሷ ጥሬ ገንዘብ ያላት ከሆነች ደግሞ ይጠባል።

አከራዩስ ኪራዩን 32 አድርጎ ነገሩን ለምን አይጨርስም? ምክንያቱ ከተከራይዋ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የንግድ ሕንፃ ሲሸጥም ሆነ ለብድር ሲገመት ዋጋው የሚወጣው በዓመት ከሚያስገባው ኪራይ ነው። ገዢዎች 7 በመቶ ገቢ የሚጠብቁበት አካባቢ ከሆነ፣ በዓመት የተጨመረች 8,000 ዶላር ኪራይ በሕንፃው ዋጋ ላይ ወደ 114,000 ዶላር ትጨምራለች። ያንን ለማግኘት አከራዩ አስበልጦ ያወጣው በነጻ ወራትና በማደሻ 91,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ። አበዳሪው ባንክም፣ ጎረቤት ሱቅ ሊከራይ የሚመጣውም የሚያዩት የተጻፈውን 36 ዶላር ነው።

የተጻፈው ኪራይ ከፍ ብሎ መቆየቱ ለተከራይዋ የሚታወቃት ውሉ ሲያልቅ ነው። በአሥረኛው ዓመት የመጀመሪያው ቤት ኪራይ 46.97፣ የሁለተኛው 41.75 ዶላር ይሆናል። ውሉ «ሲታደስ ኪራዩ ካለፈው ዓመት ላይ 3 በመቶ ይጨምራል» የሚል ከሆነ ነጻ ወርም ማደሻም በሌለበት ከ48 ዶላር በላይ ትጀምራለች። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም ሰው የእድሳቱ ኪራይ በዚያን ጊዜ የገበያ ዋጋ እንዲወሰን፣ ገበያው ለአዲስ ተከራይ የሚሰጠው ነጻ ወርና ማደሻም በግምቱ እንዲገባ አስቀድሞ ማስጻፍ አለበት። አሥር ዓመት ሩቅ መስሎ ስለሚታይ ይህን አንቀጽ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል፤ ደንበኛውን ያፈራው ያ ቦታ ነውና ጥሎ መሄድ የማይችለው ግን ያኔ ነው።

ነጻ ወራቱን በተመለከተ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሚቆጠሩት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነው። ቁልፍ ከተረከቡበት ቀን ከሆነ ሰዓቱ መሥራት የሚጀምረው ገና ንድፉ ሳይጸድቅ ነው። ለምግብ ቤት የካውንቲው የግንባታ ፈቃድ፣ የጤና ቢሮው ምርመራ፣ የጭስ ማውጫው ኮፈንና የቅባት ማጥመጃው ሥራ አለ፤ ይህ ሁሉ 8 ወር ቢፈጅ 6ቱ ነጻ ወራት በሩ ሳይከፈት ያልቃሉ። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ቤት እዚህም ይረዳታል። በተዘጋ በር የምትከፍለው የ2 ወር ኪራይ፣ 12,000 ዶላር ነው፤ በሁለተኛው ቤት ግን 7 ወር፣ ከ37,000 ዶላር በላይ ትከፍል ነበር። የሚሻለው ኪራዩ የሚጀምረው ፈቃዱ ከወጣ ከተወሰነ ቀን በኋላ ወይም ሱቁ በተከፈተ ዕለት፣ ከሁለቱ በቀደመው ነው ብሎ መዋዋል ነው። አከራዮች ብዙውን ጊዜ ለዚህ የመጨረሻ ቀን ይጠይቃሉ፤ ሚዛናዊ ጥያቄ ስለሆነ እሺ ማለት ይቻላል።

ሌላው ነጻ የሚባለው የቱ ክፍያ እንደሆነ ነው። አብዛኛው የሱቅ ውል ትሪፕል ኔት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ተከራይ ከኪራዩ ሌላ የሕንፃውን የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና የጋራ ቦታ ጥገና ድርሻውን ይከፍላል። የሚተወው መነሻ ኪራዩ ብቻ ከሆነ እነዚህ ክፍያዎች በነጻ ወራቱም ይቀጥላሉ። በስኩዌር ፊት 12 ዶላር ቢሆኑ በወር 2,000፣ በስድስቱ ወር 12,000 ዶላር ነው። ሁለት ቤት ሲነጻጸር ይህ ተጨማሪ ክፍያ ለየብቻው መጠየቅ አለበት፤ ኪራዩ ዝቅ ያለበት ሕንፃ ግብሩና ጥገናው ከፍ ያለ ሊሆን ይችላልና።

የማደሻው ገንዘብ ከነጻ ወራት ይልቅ ጠንቃቃ ዓይን ይፈልጋል። 60,000 ዶላሩ ውሉ በተፈረመ ማግስት በቼክ አይመጣም። በተለመደው አሠራር ተከራይዋ ኮንትራክተሩን ራሷ ትከፍላለች፤ ሥራው ሲያልቅ ደረሰኞቹን፣ ኮንትራክተሩና ንዑስ ተቋራጮቹ ሁሉ ተከፍሎናል፣ በሕንፃው ላይ ዕዳ አንጠይቅም ብለው የፈረሙበትን ወረቀት፣ ቤቱ አገልግሎት መስጠት እንደሚችል የሚያረጋግጠውን የመንግሥት ሰነድ ታቀርባለች። ከዚያ በ30 ወይም በ45 ቀን ይመለስላታል። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ወረቀቱን ሳይፈርም ቢጠፋ ሙሉው ክፍያ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ 60,000ውን ለጥቂት ወራት ከየት እንደምታመጣ ማወቅ አለባት፤ ካልሆነም ሥራው በደረሰበት ደረጃ እየተከፈለ እንዲሄድ መዋዋል ትችላለች።

ምን እንደሚሸፍንም ይጻፍ። ግድግዳ፣ ወለል፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ቧንቧ፣ የጭስ ማውጫ ብዙውን ጊዜ ይገባሉ። ለእንጀራ ምጣዱ የሚዘረጋው ከባድ መስመር ይሸፈናል፤ ምጣዱ ራሱ፣ የቡናው ማሽን፣ ወንበርና ጠረጴዛው ግን አይሸፈኑም። የአርክቴክት ክፍያ በገደብ ነው የሚገባው። አንዳንድ አከራይ ደግሞ ለሥራ ክትትል ብሎ ከዚያው ገንዘብ ላይ የተወሰነ በመቶ ይቀንሳል። ያልተሠራበት ቀሪ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለአከራዩ ይቀራል፤ በቀነ ገደቡ ያልተጠየቀውም እንዲሁ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ምርጫውን ሊገለብጠው ይችላል። ሁለተኛው ቤት ቀድሞ ምግብ ቤት የነበረ፣ ኮፈኑም የቅባት ማጥመጃውም በቦታቸው ያሉ ቢሆን፣ የመጀመሪያው አከራይ የሚሰጠው 60,000 ዶላር የሚሄደው በሁለተኛው ቤት ያለ ወጪ የሚገኘውን ለመሥራት ነው ማለት ነው። ያኔ ከ87,000 ዶላሩ ጥቅም ወደ 57,000 ያህሉ ይሰረዛል፣ ሁለተኛውም ቤት በ28,000 ዶላር ገደማ ይቀድማል። ስለዚህ ኮንትራክተር ይዞ ሁለቱንም ቤቶች ሳያሳዩ፣ የግንባታ ግምት ሳይቀበሉ ሒሳቡን አልቋል ማለት አይቻልም።

ግብሩን በተመለከተ የፌዴራል ሕግ ሴክሽን 110 ለሱቅ ተከራዮች በር ከፍቷል። ውሉ ከ15 ዓመት ያልበለጠ፣ ገንዘቡ በቤቱ ላይ በሚቀር ግንባታ የዋለ፣ ለዚሁ ዓላማ እንደተሰጠም በውሉ በግልጽ የተጻፈ ከሆነ ለተከራዩ እንደ ገቢ አይቆጠርበትም። ያለዚያች ዓረፍተ ነገር 60,000 ዶላሩ ግብር ሊያስጠይቅ ይችላል፤ የሒሳብ ባለሙያ ውሉን ከመፈረም በፊት ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ንግዱ ቢወድቅ ምን ይሆናል የሚለው አንቀጽም በውሉ ውስጥ አለ። ብዙ ውል ነጻ ወራቱን የሚሰጠው ተከራይ እስከ መጨረሻው ከፍሎ ከዘለቀ ነው፤ በአራተኛው ዓመት ብትዘጋ የተተወላት 36,000 ተመልሶ ይጠየቃል፣ ከማደሻውም ገና ያልተሸፈነው የስድስት ዓመት ድርሻ፣ 36,000 ዶላር፣ ከነወለዱ። የግል ዋስትና ከፈረመች ጥያቄው ወደ መኖሪያ ቤቷ ይሄዳል። የተተወው ኪራይ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ እንዲሰረዝ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አራት ዓመት ከፍላ የዘለቀች ተከራይ ከአሥሩ ዓመት አራቱን አግኝታዋለችና።

የማይከፍለው አከራዩ ቢሆንስ? ከገንዘብ የራቀ ባለ ሕንፃ ኪራዩን እየተቀበለ የማደሻውን ክፍያ ወር ከወር ሊያጓትት ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ አንቀጽ ነው፤ ገንዘቡ በተባለው ቀን ካልተከፈለ ተከራይዋ ከነወለዱ ከኪራይዋ ላይ እየቀነሰች ትወስዳለች የሚል። ሕንፃው በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ ባንኩም ይህን መብት እንዲቀበል በጽሑፍ ማስፈረም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሕንፃው ለዕዳ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት 6,000 ዶላሩን በየወሩ እየጠየቀ፣ 60,000ውን ግን አላውቀውም ሊል ይችላል።