ከገበያ መልስ

«አልማዝ 42 ብር ይዛ ሱቅ ሄደች። በ17 ብር ሳሙና ገዛች። ስንት ብር ቀራት?»

ለዚህ የሁለተኛ ክፍል ጥያቄ 35 ብሎ የጻፈ ልጅ አንድ ደብተር ውስጥ አይጠፋም። 2 ላይ 7 አልነሳ ሲለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ነስቷል። ይህን ልጅ ከመቆጣት ብሩን በእጁ ማስያዝ ይሻላል፤ አራት ድፍን አሥር ብርና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም። 17 ክፈል ሲባል አንድ አሥር ይሰጣል፣ ቀሪውን 7 ለመክፈል ግን ሁለት ሳንቲም አይበቃውም። ስለዚህ አንዱን አሥር ብር ይዘረዝራል። አሁን ሦስት አሥርና አሥራ ሁለት ሳንቲም አለው። ከዚያ ላይ አንድ አሥርና ሰባት ሳንቲም ሲሰጥ ሁለት አሥርና አምስት ሳንቲም ይተርፈዋል፤ 25።

ክፍል ውስጥ ይህን «መበደር» እንለዋለን። የተበደረ ግን ይመልሳል፤ እዚህ የሚመለስ ነገር የለም። እናቱ ሱቅ ስትልከው የምትለው «አዘርዝረህ ና» ለስሌቱ ይበልጥ ይቀርባል።

ጥያቄ አውጪውም ይሳሳታል። «ስንት ቀራት?» በማለት ፈንታ «መልሷ ስንት ነው?» ብሎ ቢጽፍ፣ ሁለት ድፍን አሥር ብር ስትሰጥ በዓይነ ሕሊናው ያየ ልጅ «3 ብር» ይላል። እውነቱን ነው፤ ባለሱቁ የሚመልስላት 3 ብር ነው።

ሌላው ወጥመድ «ቀረ» የምትለው ቃል ናት። ጥያቄው ሁሉ በእሷ ካለቀ ልጁ ማንበቡን ትቶ ቁጥሮቹን ብቻ ይለቅማል። ስለዚህ ምንም ያልተነሳበት መቀነስም ይግባ፦ «የእንቁላል ትሪው 30 ይይዛል። 18 እንቁላል ተደርድሮበታል። ለመሙላት ስንት ይጎድላል?» ከበድ የሚለው ደግሞ ይህ ነው፦ «አልማዝ 31 ሎሚ አላት። የእሷ ሎሚ ከወንድሟ ሎሚ በ8 ይበልጣል። ወንድሟ ስንት ሎሚ አለው?» 39 ያለ ልጅ «ይበልጣል» የሚለውን አይቶ ደምሯል። 31 ጠጠር በአንድ መስመር ይደርድርና ከሥሩ የወንድሟን ይደርድር፤ የላይኛው 8 ሲተርፍ ማቆም እንዳለበት፣ ታችኛው 23 እንደሆነ ራሱ ያየዋል። («አልማዝ ከወንድሟ በ8 ትበልጣለች» ብለን ብንጽፍ ዕድሜ ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም።)

ዋጋ ስንጽፍም እንጠንቀቅ። ቁጥሩ እንዲያንስ ብለን ዋጋ ከምናራክስ የሚቆጠር ነገር ብንወስድ ይሻላል፤ በመሶብ ያለ እንጀራ፣ አንድ መደብ ቲማቲም፣ በረከቦት ላይ ያለ ሲኒ። አንድ ጊዜ «ሽንኩርት ኪሎው 12 ብር» ብዬ ጽፌ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ስሌቱ የከበዳት መስሎኝ ነበር። «የት ነው የሚሸጠው? ለእማዬ ልንገራት።»