ቀብድ ይመለስልኝ ሲባል

ቀብድ ውል መደረጉን የሚያረጋግጥ ገንዘብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1883 ይህንኑ ይላል። አንቀጽ 1885 ደግሞ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር ውሉን ያፈረሰው ማን እንደሆነ ለይቶ ውጤቱን ይወስናል፤ ቀብድ የሰጠው ከተወ የሰጠውን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የሠርግ አዳራሽ የሚያከራይ ነጋዴ ገንዘቡን ሲከለክል የሚቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ሆኖም ሕጉ ከጎኑ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ እምቢታው የተነገረበት መንገድ ደንበኛውን ወይ ያሳምነዋል፣ ወይ ወደ ክስ ይገፋዋል።

ለምሳሌ አንዲት ደንበኛ ለጥር 16 ሠርግ አዳራሽ በ180,000 ብር ተከራይታ 60,000 ብር ቀብድ ሰጠች እንበል። መስከረም 10 በተፈረመው ውል አንቀጽ 7 ላይ፣ ከሠርጉ 60 ቀን በፊት ለተሰረዘ ኪራይ የቀብዱ ግማሽ እንደሚመለስ፣ ከዚያ ወዲህ ለተሰረዘ ግን ምንም እንደማይመለስ ተጽፏል። አንቀጽ 8 አዳራሹ ባዶ በሆነበት ቀን አንድ ጊዜ መለወጥን ይፈቅዳል። ደንበኛዋ ታኅሣሥ 25 ቀን፣ ማለትም ሠርጉ 21 ቀን ሲቀረው፣ ሠርጉ መቅረቱን ጽፋ 60,000 ብሩ እንዲመለስላት ጠየቀች።

አከራዩ መልስ ከመጻፉ በፊት የራሱን እጅ መመርመር አለበት። ውሉ ላይ የደንበኛዋ ፊርማ አለ? አንቀጽ 7 ከመፈረሟ በፊት ተነቧል ወይስ ከክፍያ በኋላ በደረሰኝ ጀርባ የተሰጣት ነው? ገንዘቡስ በውሉ «ቀብድ» ተብሏል ወይስ ዝም ብሎ «ቅድሚያ ክፍያ»? ይህ የመጨረሻው ብዙዎችን ያሰናክላል፤ ቅድሚያ ክፍያ የተባለ ገንዘብ ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የተከፈለ እንጂ ቀብድ አይደለም የሚል ክርክር ይከፍታልና። አዳራሹ ራሱ ግዴታውን አጓድሎ ከሆነ፣ ለምሳሌ በውሉ የገባውን ጄኔሬተር እንደማያቀርብ ተናግሮ ከሆነ፣ እምቢታው መሠረት የለውም።

ሁሉም ከተሟላ መልሱ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይሄዳል። መዘግየት ተስፋ ይሰጣል፤ ተስፋ ያደረገ ሰው ደግሞ ሲከለከል የተታለለ ይመስለዋል። ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ክብርት ደንበኛችን፣ ታኅሣሥ 25 የጻፉልን ደብዳቤ ደርሶናል። ሠርጉ በመቅረቱ አዝነናል። ያስያዙትን 60,000 ብር ግን መመለስ አንችልም። መስከረም 10 አብረን በፈረምነው ውል አንቀጽ 7 መሠረት፣ ሠርጉ 60 ቀን ሳይቀረው የተሰረዘ ኪራይ ቀብዱ አይመለስም፤ ጥያቄዎ የደረሰን 21 ቀን ሲቀር ነው። በአንቀጽ 8 መሠረት ግን ቀብዱን ይዘው ቀኑን አንድ ጊዜ መለወጥ ይችላሉ። ባዶ የሆኑትን ቀኖች ዝርዝር አያይዘናል። የውሉን ቅጂም አብረን ልከናል።»

የደብዳቤው ጉልበት ቅደም ተከተሉ ነው። ሐዘኔታው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ወዲያው መልሱ ይከተላል፤ በይቅርታ ብዛት የተሸፈነ እምቢታ «ምናልባት» ተብሎ ይነበባል። ምክንያቱ «የድርጅታችን ደንብ» ሳይሆን «አብረን የፈረምነው ውል» መባሉም ትልቅ ልዩነት አለው። ደንብ አንዱ ወገን በሌላው ላይ የሚጭነው ነው፤ ውሉ ግን የእሷም ቃል ነው። «ጥር ላይ ስንቱን ደንበኛ መለስን» ብሎ ማማረር ግን እውነት ቢሆንም አይጠቅም፤ ደንበኛዋ አዳራሹ ተከራይቶ እንደሆነ ወደ መጠየቅ ትዞራለች። «ማንበብ ነበረብዎት» ማለት ደግሞ ክርክሩን ከገንዘብ ወደ ክብር ይወስደዋል።

ከደብዳቤው በኋላ ዘመድ ወይም የጋራ ወዳጅ ለምልጃ ሊመጣ ይችላል። ለእሱም የሚነገረው ያው ነው፤ ለአማላጅ የተለሰለሰ መልስ ለደንበኛዋ የተሰጠውን ሐሰት ያደርገዋል። ሠርጉ የቀረው በሞት ከሆነና አከራዩ ከልቡ ሊረዳ ከፈለገ፣ 20,000 ብርም ቢሆን መስጠት ይችላል። ያኔ ግን ገንዘቡ በውሉ ግዴታ ሳይሆን በበጎ ፈቃድ የተሰጠ መሆኑ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ አለዚያ አከራዩ አንቀጽ 7ን ራሱ እንደተወው ሊቆጠርበት ይችላል።

አዳራሽ የሚያከራይ ሁሉ ውሉን በሁለት ቅጂ ያዘጋጅ፣ ስለ ቀብድ የሚናገረውን አንቀጽ ከፊርማ በፊት ለደንበኛው ያንብብ፣ አንዱን ቅጂም በዕለቱ ይስጠው።