ለሚስ የተጻፈች አንድ ገጽ

ሰኔ ሲጋመስ በመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ የወላጆች ወሬ መዋጮ ይሆናል። ለሚስ ነጠላ ይሻላል ወይስ ሰዓት? ስጦታው ደግ ነገር ነው። አብራው የምትሰጠው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ በጉልበት ላይ ተደግፋ ነው የምትጻፈው። ዘንድሮ ልጄ ዩኬጂን ስትጨርስ ያቺን ወረቀት ለመጻፍ ሦስት ማታ ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩት «ለልጄ ስላደረጉት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ውለታዎን ከፍዬ አልጨርስም» የሚል ነበር። ከልቤ ነው። ነገር ግን የልጄን ስም በጣቴ ሸፍኜ ሳነበው የክፍሉ ወላጅ ሁሉ ሊፈርምበት የሚችል ሆኖ አገኘሁት። ለሐኪምም ለጎረቤትም ይሆናል። ምርቃቱን አልጠላሁትም፤ ከፊቱ የሚቆም ነገር ግን አጣሁለት።

በማግስቱ የዓመቱን ኮሚኒኬሽን ቡክ አወጣሁና ከመስከረም ጀምሬ ገለጥኩት። «እርሳስ የላትም።» «ምሳዋን አልጨረሰችም።» ጥቅምት 4 ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ዛሬ አላለቀሰችም» ይላል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ሚስ ልጄን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ታያታለች፤ ከማን ጋር እንደምትጣላና ምሳ ዕቃዋን እንዴት እንደምትከፍት ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ከ9 ሰዓት በኋላ ያለውን ግን ምንም አታይም። እሷ ያስተማረችው ቤት ገብቶ ምን እንደሚሆን ሊነግራት የሚችል ወላጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቤት ያየሁትን አንድ ነገር መረጥኩ። በጥር ወር አንድ ማታ ልጄ የሶፋውን ትራሶች ደርድራ፣ በትራሶቹ መሀል አያቷን አስቀምጣ፣ በማማሰያ እጀታ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ፊደል ገበታ ትጠቁማለች። እናቴ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም። «ዘ»ን «ሀ» አለችና ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ «ጎበዝ፣ ሞክረሻል፤ አሁን አብረን እንበል» አለቻት። እኔ ልጄን ሳርም እንዲህ ብዬ አላውቅም። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ወረቀቷ በመጨረሻ እንዲህ ሆነች፦

«ሚስ፣ በጥር ወር ልጄ አያቷን ፊደል ስታስተምር አየኋት። አያቷ ስትሳሳት አልሳቀችባትም፤ ‹ጎበዝ፣ ሞክረሻል፤ አሁን አብረን እንበል› አለቻት። ይህን ከእርስዎ ነው የተማረችው። እናቴ አሁን የስሟን መጀመሪያ ‹ዘ›ን ለይታ ታውቃለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እርስዎንም ልጆችዎን ያሳድግልዎ።»

ስድስት መስመር እንኳ አልሞላችም። ምርቃቱ ያው የድሮው ነው፤ አሁን ግን የሚያርፍበት አገኘ። ልጆች እንዳሏት ስለማውቅ ነው እንጂ «ልጆችዎን» ባላልኩ ነበር፤ ያላወቁትን መመረቅ ያስቀይማል።

ያስቸገረኝ አንቱታው ነው። ጠዋት በር ላይ «አንቺ» ነው የምላት፤ በዕድሜ ታናሼ ናት። ስጽፍ በ«እርስዎ» ጀመርኩና መሀል ላይ «አንቺ»ው እያመለጠኝ ሁለቱ ተደባለቁ። ወረቀቱን ለባልደረቦቿ ልታሳይ፣ ለዓመታትም ልታስቀምጥ ትችላለች ብዬ «እርስዎ»ን መረጥኩና ከላይ እስከ ታች አስተካከልኩ። ከታች የልጄን ስም ከነአባቷ ጻፍኩ፤ በዚያ ክፍል ብቻ በስሟ የሚጠሩ ሦስት ልጆች አሉ። ልጄም በራሷ እጅ ስሟን ጨመረችበት፤ የመጨረሻዋ ፊደል መስመሩን አልፋ ወጣች፣ አላስደመሰስኳትም።

አንድ አረፍተ ነገር ግን ሰረዝኩ። ታናሽ ወንድሟ መስከረም ላይ ነርሰሪ ስለሚገባ «እሱንም አደራ» ብዬ ነበር። አደራው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ምስጋናውን መያዣ ያስመስለዋል። የጠፋውን ሹራብም አላነሳሁም፤ እሱ በሌላ ቀን በአፍ ይነገራል። ልጄን መጸዳጃ ቤት ለምታደርሳት ሞግዚት ለብቻዋ ትንሽ ወረቀት ጻፍኩ፤ ማንበብ ስለማትችል እጇን ይዤ አነበብኩላት።

ካርድ የሚሰጥበት ቀን ግፊያ ነው፤ ከሠላሳ ወላጅ መሀል ወረቀት ተቀብሎ የሚያነብ መምህር የለም። ስለዚህ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

«እማማ ከ‹ዘ› ቀጥሎ የቷ ፊደል ላይ ደረሱ?»